አጥሩን ሳላፈርስ፦ አንድ የጣሊያን ግጥም ወደ አማርኛ ስመልስ ያየሁት

ሮም ውስጥ የምንከባከባቸው ሲኞራ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ አንደኛ ደረጃ ያስተማሩ ናቸው። ጠዋት የበሉትን ማታ ይረሱታል፤ ግጥም ግን አይረሱም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጠን፣ ልብስ እያጣጠፍኩ ሳለ፣ ድንገት በቃላቸው ያወርዱት ጀመር፦ «ሴምፕሬ ካሮ ሚ ፉ ኩዌስት ኤርሞ ኮሌ…»። አሥራ አምስት ስንኝ ናት፤ አንድም ሳይደነቃቀፉ ጨረሱና «አሁን በአንቺ ቋንቋ በይልኝ» አሉኝ። እኔም የዋህ ነኝ፣ እስከ እሑድ አደርሳለሁ አልኩ። ስምንት ወር ፈጀብኝ።

ግጥሙ የጃኮሞ ሌዎፓርዲ ነው። ሌዎፓርዲ ይህን የጻፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1819 ነው፤ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ሆኖ፣ ሬካናቲ በምትባለው የትውልድ ከተማው። ታሪኩ ቀላል ነው፦ አንድ ሰው ኮረብታ ላይ ተቀምጧል። ፊቱ የቁጥቋጦ አጥር አለ፤ አጥሩ አድማሱን ይጋርድበታል። አድማሱ ስለተጋረደበት ከአጥሩ ወዲያ ያለውን በሐሳቡ ይፈጥረዋል፤ ነፋስ ቅጠሉን ሲነካው ይሰማል፤ ያን ዝምታና ይህን ድምፅ ያስተያያል፤ በመጨረሻም ሐሳቡ እንደ ባሕር በሆነ ስፋት ውስጥ ይሰጥማል፤ መስጠሙም ይጣፍጠዋል። ሌላ ምንም የለም። እኔም ሌላ ምንም ስለሌለ ቀላል መሰለኝ።

የመጀመሪያ ሥራዬን እንደማንኛውም ሐበሻ ጀመርኩ፤ ቤት በመምታት። ያደግኩበት ግጥም ቤት የሚመታ ነው፤ ስድስትና ስድስት ቀለም ሆኖ መሃሉ ላይ የሚያርፍ የወል ቤት። የጣሊያኑ ስንኝ ደግሞ አሥራ አንድ ቀለም ነው፤ ርዝመታቸው እህትማማች ሊሆን ምንም አይቀረው። ስለዚህ ልኩ ተገኘ ብዬ ተደሰትኩ። እነሆ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች፦

ከጥንትም ውዴ ነው ይህ ጭር ያለ ጉብታ፣
አድማሱን ጋርዶብኝ የሚሰጠኝ ደስታ።

ሲያነቡት ደስ ይላል። አዲስ አበባ ላሉት የቀድሞ የአማርኛ መምህሬ በስልክ ሳነብላቸው «ይኼ ነው ግጥም!» አሉኝ። ጋሼ ቶሎ የሚያመሰግኑ ሰው ስላልሆኑ ሳምንቱን ሙሉ ፈነደቅኩ። በኋላ ግን ከሲኞራ ደብተር ላይ የገለበጥኩትን ጣሊያንኛ አጠገቡ አስቀምጬ ቃል በቃል ሳመሳክር አንድ ነገር ጠፋብኝ። አጥሩ የለም! ጉብታውና አድማሱ አሉ፤ የሚጋርደውም ጉብታው ራሱ ሆኗል። ሌዎፓርዲ በጭራሽ ያላለው «ደስታ» ደግሞ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ «ጉብታ» የሚለውን ቤት የሚመታ ቃል ፍለጋ ነው የመጣው። ቤቱን ስመታ አጥሩን አፍርሼዋለሁ። ያለ አጥሩ ደግሞ ግጥሙ የለም፤ ሰውየው አድማሱን ቢያይ ኖሮ ምንም ባላሰበ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ሥራውን አቁሜ ሌላ ወረቀት ያወጣሁት። አሁንም ግጥም የሚመልስ ሰው ቢጠይቀኝ ከዚህ ጀምር እለዋለሁ፦ ምንም ዓይነት ስንኝ ሳትሠራ በፊት ዋናውን ቃል በቃል በስድ ንባብ ጻፈው። አስቀያሚ ይሁን። ከዚያ ከእያንዳንዱ ስንኝ «ይህ ቢወጣ ግጥሙ ይወድቃል» የምትለውን ብቻ በቀይ አስምርበት። የእኔ ወረቀት ላይ ቀይ የተሰመረበት እኔ የጠበቅኩት ቃል አልነበረም። ዝምታ፣ ዘላለም፣ ባሕር የሚሉትን ትልልቆቹን ነበር የጠበቅኩት። ቀይ የበዛው ግን በትንንሾቹ ላይ ሆነ፤ «ይህ» እና «ያ» ላይ።

ቆጠርኳቸው፤ ስምንት ናቸው። ይህ ኮረብታ፣ ይህ አጥር ብሎ ይጀምራል። ሁለቱም ቅርቡ ናቸው፣ እጁ ይደርስባቸዋል። ሐሳቡ መሄድ ሲጀምር ግን ያው አጥር «ያ» ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ይላል። ሰውየው ከተቀመጠበት አልተነሣም፤ አጥሩ ግን ራቀ። ከዚያ ነፋሱ «በእነዚህ» ዛፎች መሃል ይነሣና ይመልሰዋል፤ «ያንን» ዝምታ ከ«ዚህ» ድምፅ ጋር ያስተያያል። በመጨረሻ ሩቅ የነበረው ስፋት «ይህ» ይሆናል፤ ባሕሩም «ይህ ባሕር» ነው። ጉዞው በሙሉ ከይህ ወደ ያ፣ ከያ ወደ ይህ ነው። አማርኛ ደግሞ ይህንን በደንብ ይችላል፤ የሚጎድለው ነገር የለም። ነገር ግን ቀለም ቆጥሮ ስንኝ የሚሞላ ሰው መጀመሪያ የሚጥለው «ይህ»ን ነው፤ አንድ ቀለም ናት፣ ብትወጣ የምትጎዳ አትመስልም። እኔም በመጀመሪያው ሥራዬ አምስቱን ጥያቸው ነበር። ሳነበው ሰውየው ከቦታው የማይንቀሳቀስ፣ ስለ ተፈጥሮ የሚናገር ሰው ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ በኋላ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ፦ ቃል ቢጎድል ይጉደል፣ ከስምንቱ ግን አንድም አይነካም።

ቀጥሎ የመጣው የቤቱ ጥያቄ ነው። ዋናው ቤት አይመታም። የጣሊያን ገጣሚዎች እንዲህ ያለውን «የተፈታ» ስንኝ ይሉታል፤ ልኩ አለ፣ ቤቱ የለም። ይህንን ለጋሼ ሳስረዳቸው አልተዋጠላቸውም። «ግጥም ማለት የገጠመ ነው፤ ካልገጠመ ስድ ነው» አሉኝ። ክርክራቸው ባዶ አይደለም። የአማርኛ አንባቢ ጆሮ ቤት ይጠብቃል፤ ካላገኘ የተሰበረ ነገር የሰማ ይመስለዋል። የጣሊያን አንባቢ ግን በ1819 ቤት የማይመታ ስንኝ ለምዶታል። ስለዚህ ቤት ባልመታ ለዋናው ታማኝ ሆንኩ ማለት ነው? ወይስ ጣሊያኑ ያልተሰማውን እንግዳነት ለአማርኛ አንባቢ ጨመርኩበት? ይህ ለብዙ ሳምንት አናወጠኝ።

የቆረጠልኝ ሌላ ነገር ነው። ግጥሙ ላይ ሐሳቡ ስንኙ ሲያልቅ አያልቅም። «ኢንቴርሚናቲ» ብሎ ስንኙን ያቆማል፤ ዳርቻ የሌላቸው ማለት ነው። ምን እንደሆኑ የምናውቀው ወደ ታች ስንወርድ ነው፤ «ስፓትሲ»፣ ጠፈሮች። ቀጥሎ «ሶቭሩማኒ» ብሎ ያቆማል፤ ከሰው በላይ የሆኑ። ታች «ሲሌንትሲ»፣ ዝምታዎች። ዳርቻ የለሽ የሚለው ቃል ራሱ የስንኙን ዳርቻ ጥሶ ያልፋል። ቤት ግን በር ነው፤ በየስንኙ መጨረሻ ይዘጋል። በተለይ በአማርኛ፣ ግሡ መጨረሻ ስለሚመጣ ቤት የሚመታው አብዛኛውን ጊዜ ግሥ ነው፤ ግሥ ከመጣ ደግሞ ዐረፍተ ነገሩ አልቋል፣ ጆሮም ያርፋል። አሥራ አምስት ጊዜ የሚያርፍ ሰው የትም አይሄድም። ስለዚህ ልኩን፣ ስድስትና ስድስቱን፣ ይዤ ቤቱን ጣልኩ። ቢያንስ ጆሮ የሚይዘው ምት ይቀርለታል። ጋሼ አኮረፉ።

ደስ የሚለው፣ አማርኛም ሌዎፓርዲ እዚህ እንዳደረገው ቅጽሉን ከስሙ ፊት ስለሚያስቀድም «ዳርቻ የሌላቸው» ብዬ ስንኙን ቆርጬ «ጠፈሮች»ን ታች ማውረድ ቻልኩ። በሌላ በኩል ሌዎፓርዲ በብዙ ድካም ያደረገው አንድ ነገር በእኛ ቋንቋ ሳይታወቅ አለፈ። እሱ ጠፈሩን፣ ዝምታውን፣ እርጋታውን ሁሉ ደርድሮ ደርድሮ ግሡን የሚያመጣው ከሦስት ስንኝ በኋላ ነው፤ ለጣሊያን ጆሮ ይህ ትንፋሽ የሚያስይዝ ነው። ለአማርኛ ጆሮ ግን ግሥ መጨረሻ መምጣቱ የተለመደ ነገር ነው። ከዚህ ምንም ማድረግ አልቻልኩም። አንዳንዱ ጥበብ ሲሻገር ተራ ሰዋስው ይሆናል።

ያ ግሥ ራሱ ትልቁን ስሕተቴን ያስታውሰኛል። «ሚ ፊንጎ» ይላል። በየቀኑ በምንሰማው ጣሊያንኛ «ፊንጄሬ» ማስመሰል ነው፤ ሕፃን የታመመ ሲያስመስል እንደሚባለው። እኔም «በሐሳቤ አስመስላለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ለሲኞራ ምን እንዳልኩ በጣሊያንኛ መልሼ ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ተማሪዎቼም ሁሉ እዚህ ጋ ነበር የሚወድቁት» አሉና በአየር ላይ ሸክላ እንደሚሠራ ሰው እጃቸውን አዙረው አሳዩኝ። ቃሉ የቆየ የላቲን ትርጉሙን ይዟል፦ በእጅ ማበጀት፣ መቅረጽ። ያን ጊዜ «እቀርጻለሁ» የሚለው መጣልኝ። ማሰብ ብቻ ሳይሆን መሥራት አለበት፤ እንጨትም ድንጋይም ይቀረጻል። የሁለት መቶ ዓመት ዕድሜ ያለው ግጥም ላይ በጣም የምታውቀው የመሰለህን ቃል ነው መጠርጠር ያለብህ፤ የማታውቀውንማ መዝገበ ቃላት ላይ ታየዋለህ።

«ኤርሞ» የሚለው ግን በተቃራኒው በጣም በመመቸቱ አስቸገረኝ። ጭር ያለ፣ ሰው የሌለበት ማለት ነው፤ ከግሪኩ የምድረ በዳ ቃል የመጣ ሲሆን የባሕታዊ መኖሪያ ስምም ከዚያው ይወጣል። የእኛ «ገዳም»ም እንዲሁ ነው፤ በግዕዝ ዱርም ምድረ በዳም ነው፣ መነኮሳት የሚኖሩበትም ነው። ሁለቱ ቃላት በተለያየ መንገድ ሄደው አንድ ቦታ ተገናኝተዋል። ይባስ ብሎ «ይህ ገዳም ኮረብታ» ብትል ልክ ስድስት ቀለም ነው! ለሦስት ቀን ከዚህ የተሻለ ነገር በዓለም የለም ብዬ ዞርኩ። ከዚያ ለአንዲት ጓደኛዬ ሳነብላት «የየትኛው ገዳም ነው?» አለችኝ። አለቀ። በዚያ ላይ የሬካናቲው ኮረብታ ስሙ ሞንቴ ታቦር ነው፤ እኛ ደብረ ታቦር የምንለው። ገዳምና ታቦር አንድ ላይ ከመጡ አንባቢዬ ቡሄ ሊጨፍር ይነሣል እንጂ ሌዎፓርዲን አይሰማም። ግጥሙ ውስጥ እግዚአብሔር አልተጠራም፤ ዝምታው ባዶ ዝምታ ነው። ቃሉ ትክክል ነበር፤ ይዞት የሚመጣው ሕዝብ ነው ያልተጋበዘው። ወደ «ጭር ያለ» ተመለስኩ፤ ለልኩ ስልም ኮረብታውን «ጉብታ» አደረግኩት። ጉብታ ከኮረብታ ያንሳል፤ ዐውቄ ያደረግኩት ኪሳራ ነው። አንድ ሰው በአንድ ቀለም የሚበልጠውን «ኮረብታ» ይዞ ልኩን ቢሰብር አልከራከረውም።

ሌዎፓርዲ «ዚባልዶኔ» በሚባለው የማስታወሻ ደብተሩ ላይ በ1821 እንደጻፈው «ሩቅ» እና «ጥንታዊ» ያሉ ቃላት እጅግ ቅኔያዊ ናቸው፤ ሰፊና ድንበሩ ያልታወቀ ሐሳብ ስለሚቀሰቅሱ። ይህን ካወቅኩ በኋላ ቃል የምመርጥበት መንገድ ተለወጠ። ጥርት ያለውን ትቼ ዳር ዳሩ የሚደበዝዘውን መፈለግ ጀመርኩ። ከአጥሩ «ባሻገር» ብዬ ነበር፤ ትክክል ነው፣ ግን የመንገድ አቅጣጫ የሚናገር ይመስላል። «ማዶ» ግን ሌላ ነው። ተራራማ አገር ያደገ ሰው ማዶ ሲባል ገደል፣ ጭጋግ፣ ከወዲያ የሚጣራ ሰው ይታየዋል፤ ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ግን ማንም አይነግርህም። «ከጥንትም ውዴ ነው» ያልኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ጣሊያኑ «ሁልጊዜ» ይላል፣ በኃላፊ ጊዜ። «ሁልጊዜ ውድ ነበር» ብል አሁን ጠልቶታል ማለት ይሆናል፤ እሱ ግን አሁንም ይወደዋል። «ከጥንትም» ያለፈውን፣ «ነው» ያልቀረውን ያዙልኝ።

ድምፁስ? በጣሊያንኛ የነፋሱ ግሥ «ስቶርሚር» ነው፤ የቅጠል መንሾካሾክ በቃሉ ውስጥ ይሰማል። «ሲያንኮሻኩሽ» አልኩ መጀመሪያ፤ እሱ ግን የደረቀ ቅጠል ነው፣ ወይም ፌስታል። «ሽው ሽው» የሚለው ይሻላል፤ ተራ የሰፈር ቃል ነው ብለው የተቃወሙኝ አሉ፤ ጆሮዬ ግን አልተቃወመኝም።

ከሁሉ ያስደሰተኝ የመጨረሻው ስንኝ ነው፦ «ኤ ኢል ናውፍራጋር ሜ ዶልቼ ኢን ኩዌስቶ ማሬ»። ናውፍራጋር ላይ ያለው «አር» ማሬ ላይ ተመልሶ ይመጣል፤ መስጠሙና ባሕሩ በድምፅ አንድ ናቸው። ይህንን ድምፅ ማሻገር አይቻልም፤ የእኛ «ባሕር» ከ«መስጠም» ጋር የሚጋራው ነገር የለም። ግን ሌላ ቦታ ላይ ተገኘ። «መስጠም ጣመኝ» በል እስቲ ጮክ ብለህ። ጠ እና መ፣ ጠ እና መ። በዋናው ውስጥ መስጠምን ከባሕር ያስተሳሰረው ድምፅ በአማርኛው መስጠምን ከጣዕም ጋር አስተሳሰረው። ቦታው ተለውጧል፤ ነገር ግን አንባቢ ጆሮ ላይ የሚሠራው ሥራ ያው ነው ብዬ አምናለሁ።

ጊዜውንም ለውጬዋለሁ። ጣሊያኑ «ይጣፍጠኛል»፣ «ትዝ ይለኛል» ነው የሚለው፣ በአሁን ጊዜ። እኔ «ጣመኝ»፣ «ትዝ አለኝ» አልኩ። አማርኛ አሁን የመጣብህን ስሜት በኃላፊ ነው የሚናገረው፤ የራበው ሰው «ራበኝ» ይላል እንጂ «ይርበኛል» አይልም፤ «ይርበኛል» የልማድ ነው። የጣሊያኑን የጊዜ ቅርጽ ብጠብቅ ኖሮ ትርጉሙ ይሸሽ ነበር፤ በየቀኑ የሚሰጥም ሰው ይሆናል። ደግሞም «ሚ ሶቪየን» ከ«ትዝ አለኝ» ጋር እንዴት እንደሚገጥም ተመልከቱ፤ በሁለቱም ሰውየው አያስታውስም፣ ነገሩ ራሱ ነው መጥቶ የሚነካው።

የጠፋብኝን ደግሞ ልናገር። ናውፍራጋር ውስጥ መርከብ አለች፤ መርከብ መሰበር ማለት ነው። አማርኛም ቃሉ አያንሰውም፤ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ መርከቡ ሦስት ጊዜ መሰበሩን ይናገራል። «የመርከቤ መሰበር ጣመኝ» ማለት ግን ቀለሙም አይበቃ፣ ጆሮም አይቀበለው። መርከቧን ለድምፁ ስል ሰዋኋት። ከሱ በፊት ያለው ስንኝ ላይ ደግሞ ሌላ የመስጠም ግሥ አለ፤ ያንን «ተውጦ ይቀራል» አልኩት፣ መስጠምን ለመጨረሻው ለማቆየት።

አሁን ያለው ይህ ነው፦

ከጥንትም ውዴ ነው ይህ ጭር ያለ ጉብታ፣
ይህም አጥር ደግሞ፣ ካድማሱ ጫፍ ብዙ
ከዓይኔ የጋረደው። ተቀምጬ ሳይ ግን
ከዚያ ማዶ ያሉ ዳርቻ የሌላቸው
ጠፈሮች፣ ከሰውም ልክ በላይ የሆነ
ዝምታ፣ እጅግ ጥልቅ የሆነን እርጋታ
እኔ በሐሳቤ እቀርጻለሁ፤
ልቤ ሊርድ ጥቂት እስኪቀረው። ነፋስ
በነዚህ ዛፎች ውስጥ ሽው ሽው ሲል ስሰማ፣
ያንን ዳርቻ የለሽ ዝምታ ከዚህ ድምፅ
ጋር ሳመዛዝነው፣ ዘላለም ትዝ አለኝ፤
የሞቱት ዘመናት፣ ይህም ያለው፣ ሕያው፣
ከነድምፁ። እንዲህ በዚህ ወሰን አልባ
ስፋት ውስጥ ሐሳቤ ተውጦ ይቀራል፤
እናም መስጠም ጣመኝ፣ በዚህ ባሕር መሃል።

ቀለሙን በዓይን ሳይሆን በአፍ ነው መቁጠር ያለባችሁ፤ ጮክ ብላችሁ በጣት እየቆጠራችሁ። ፊደል ብትቆጥሩ ትሳሳታላችሁ፤ ሳድሱ አንዳንዴ ይነበባል፣ አንዳንዴ ይዋጣል። «ከዚያ»ን ለምሳሌ በሁለት ቀለም ነው የያዝኩት፤ ስንናገር «ከዛ» ነውና። «ከዓይኔ»ም ሲነበብ «ካይኔ» ነው። ራሴን በስልክ ቀድቼ በማግሥቱ ስሰማው ነው የሚደናቀፉት ቦታዎች የታወቁኝ። «ይህም ያለው» ላይ ደግሞ ዘጠነኛ «ይህ» ሾልኮ ገብቶብኛል፤ ያየ ሰው ካለ፣ እኔም አይቼዋለሁ። «ድምፅ»ም ሁለት የተለያዩ የጣሊያን ቃላትን ብቻውን ተሸክሟል።

ሲጠናቀቅ ለሲኞራ አነበብኩላቸው። አንድ ቃል አይገባቸውም፤ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው በእጃቸው የወንበሩን ክንድ እየመቱ ሰሙ። ሲያልቅ «መሃሉ ላይ ትቆሚያለሽ» አሉኝ። እውነት ነው። የእኛ ስንኝ ሁልጊዜ ስድስተኛው ላይ ያርፋል፤ የእሱ ማረፊያ ግን ከስንኝ ስንኝ ይዘዋወራል። ቋንቋ የማያውቅ ሰው ልኩን ብቻ ስለሚሰማ እንዲህ ያለውን ከማንም በፊት ያገኘዋል። በተቃራኒው ጋሼ ጣሊያንኛ አይችሉም፤ አማርኛው እንደ አማርኛ ይቁም አይቁም የሚነግሩኝ እሳቸው ናቸው። እነዚህ ሁለት ጆሮዎች ባይኖሩኝ የምተማመንበት አልነበረኝም፤ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው የጎደለውን ሳያውቅ ከራሱ እየሞላ ነው የሚያነበው።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ግን ሁለቱም ሊነግሩኝ አልቻሉም። እዚሁ ሮም ውስጥ በአንድ የሐበሾች ስብሰባ ላይ አነበብኩት። የመጨረሻው ስንኝ ላይ ስደርስ አዳራሹ ዝም አለ። ጥሩ ዝምታ መሰለኝ። በኋላ አንድ ወጣት ቀረብ ብሎ፣ በትሕትና፣ «እቴ፣ እኔ ባሕሩን አውቀዋለሁ፤ አይጥምም» አለኝ። ከሊቢያ ነው የተሻገረው። ጥቅምት 3 ቀን 2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ላምፔዱዛ አጠገብ ከሦስት መቶ ስድሳ በላይ ሰው ሲያልቅ፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ዘመድ ያጣ ሰው መኖሩን እኔ ማሰብ ነበረብኝ። የሌዎፓርዲ ባሕር ውሃ የለውም፤ ኮረብታ ላይ የተቀመጠ ልጅ የሐሳብ ባሕር ነው። ግን በአማርኛ «ባሕር» እና «መስጠም» ጣሊያን አገር ለሚኖር ሰው በ1819 የነበራቸውን ትርጉም የላቸውም። ቃላቱ አልተለወጡም፤ እኛ ነን የተለወጥነው።

«ባሕር»ን «ጥልቀት» ላደርገው ሞከርኩ፤ ስንኙ ሞተ። «መስጠም»ን «መጥፋት» አደረግኩት፤ ጣሙ ሄደ። ጽሑፉን አልነካሁትም። አነባበቤን ግን ለወጥኩ፦ ከማንበቤ በፊት ይህ ሰው ማን እንደሆነ፣ የተቀመጠው ኮረብታ ላይ እንደሆነ፣ ፊቱ አጥር ብቻ እንዳለ እናገራለሁ። ባሕሩን የተሻገሩ ሰዎች ባሉበት ስብሰባ ላይ ደግሞ ካልተጠየቅኩ አላነበውም። ወጣቱ ጽሑፉን ላኪልኝ ብሎ ቁጥሩን ሰጥቶኝ ነበር፤ ላክሁለት። «አጥሩ ግን ገባኝ» ብሎ መለሰልኝ።

ሰባተኛው ስንኝ አንድ ቀለም እንደሚጎድለው አስተውላችኋል? «እቀርጻለሁ» አምስት ነው። ስድስት ለማድረግ ቃል መሙላት ቀላል ነበር። ነገር ግን እዚያ ላይ ሰውየው ሐሳቡን ሠርቶ የጨረሰበት፣ ልቡ ሊፈራ የደረሰበት ቦታ ስለሆነ፣ እግር ደረጃ ሲስት የሚሰማው ዓይነት ባዶ ቢኖር አልጠላሁትም። ጋሼ ግን አልተዉኝም። በየሳምንቱ ይደውላሉ። አንዴ «እንዲያው» ጨምሪበት፣ አንዴ «ደግሞ» አስገቢበት። ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ አራት ሰዓት ላይ ደውለው «አገኘሁልሽ» አሉ፤ «እቀርጻለሁና»። ቆጠርኩት፤ ስድስት ነው። «ና»ው ግን ምክንያት ሊናገር ነው የመጣው፣ ሰውየው ደግሞ ምክንያት አልጠየቀም። አልቀበልም አልኳቸው። «እንግዲያው ይጉደልብሽ» ብለው ዘጉት።